የ500 ብር «ስጦታ» 10,000 ብር ሲያስመድብ

ሰሞኑን ለለቅሶ ካቺሲ ደርሼ ነበር። ከጊንጪ የአምቦን አስፋልት ትታችሁ በጎጆ በኩል ወደ ሰሜን የምትሄዱበት መንገድ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ትልልቆቹ ስለ ሟች ያወጋሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ከበር ላይ ተደርድረው ስልካቸውን ያያሉ። ከመካከላቸው የአክስቴ ልጅ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ በሰው ባጃጅ ከተማዋ ውስጥ ይሠራል፤ ማታ ማታ የቀን ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል። ሰላም ብሎኝ አጠገቤ ሲቀመጥ ፊቱ ልክ አልነበረም። በሐዘኑ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ሰው ሲቀል ጠብቆ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ግን እማዬ እንዳትሰማ» አለኝ። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። የስፖርት ውርርድ አካውንት ነው። ከላይ የቀረው ሒሳብ 40 ብር ይላል። «ከአምስት ቀን በፊት እዚህ ውስጥ 1,640 ብር ነበረኝ። ለማውጣት ስጫን እምቢ አለኝ። የራሴ ብር አይደለም እንዴ?»

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያች ጥያቄ ነው። ቁማር ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ልጁ የጠየቀኝ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሒሳብ ነው የሚገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የውርርድ ድርጅት ለአዲስ ደንበኛ «የእንኳን ደህና መጣህ ቦነስ» ይሰጣል። መጀመሪያ የምታስገባውን ያህል እኛ እንጨምርልሃለን፣ እስከ 500 ብር ይላል ማስታወቂያው። ልጁ ከቀን ገቢው ላይ 500 ብር አንስቶ በቴሌብር አስገባ። ወዲያው አካውንቱ 1,000 ብር አለ። «በአንድ ደቂቃ እጥፍ ሆነልኝ» አለኝ። እቅዱም ቀላል ነበር፦ ትንሽ ይጫወትና የራሱን 500 አውጥቶ ለባለባጃጁ ይመልሳል፤ በተሰጠው ብር ደግሞ ዕድሉን ይሞክራል።

ከማስታወቂያው ሥር ግን «ደንቦች እና ሁኔታዎች» የምትል ቀጭን መስመር ነበረች። ስትነካት የምትከፍተው ገጽ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ አማርኛም ኦሮምኛም ጥርት አድርጎ ያነባል፤ የሕግ እንግሊዝኛ ግን ለእኔም ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከብዙው ውስጥ ለእሱ ጉዳይ የሚሆኑት አራት ናቸው። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ያስገባኸውም ቦነሱም ተደምሮ 10 ጊዜ መዞር አለበት። እያንዳንዱ ትኬት ቢያንስ ሦስት ጨዋታ መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ በ14 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዚያ በፊት ገንዘብ አውጣ ያለ ሰው ቦነሱም በቦነሱ የተገኘውም ይሰረዝበታል።

«መዞር» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው አይረዳውም፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። አንድ ትኬት ቆርጠህ 100 ብር ስትመድብ፣ ብትበላም ብትበላም (አንዱን አጥብቃችሁ አንብቡት) ያ 100 ብር «ዞረ» ተብሎ ይመዘገባል። የሚቆጠረው ያሸነፍከው አይደለም፤ የመደብከው ነው። እና ልጁ ስንት መመደብ ነበረበት? የራሱ 500፣ ቦነሱ 500፣ ድምሩ 1,000። እሱ በ10 ሲባዛ 10,000 ብር።

(የራስ ገንዘብ + ቦነስ) × የመዞሪያ ቁጥር = ጠቅላላ መደብ

አሥር ሺህ ብር! ይህ ማለት አሥር ሺህ ከኪሱ ያወጣል ማለት አይደለም። ያው 1,000 ብር እየገባ እየወጣ፣ የተበላውን እያጣ የበላውን መልሶ እየመደበ፣ የመደቡ ድምር 10,000 እስኪሞላ መሄድ አለበት ማለት ነው። በ100 ብር ትኬት ብናሰላው 100 ትኬት ነው። 100 ትኬት ለ14 ቀን ሲካፈል በቀን ሰባት ትኬት ይሆናል። ትኬቱ ሦስት ሦስት ጨዋታ ስለሚይዝ በቀን 21 ጨዋታ መምረጥ አለበት። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ፣ የስፔን፣ የጣሊያን ሊግ አለ፤ ይገኛል። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ከየት ይመጣል? ያኔ ነው ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቀው አገር ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ የሚመድበው። የአክስቴ ልጅም ታሪኩን አላጣውም፤ አርሰናልን ያውቃል፣ ሐሙስ ሌሊት የመደበባቸውን ቡድኖች ግን ስማቸውን እንኳ መጥራት አልቻለም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ይህ 10,000 ብር ሲዞር ስንቱ መንገድ ላይ ይቀራል?

የውርርድ ድርጅት ትርፍ የሚያገኘው ከኦዱ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጨዋታ ላይ ከሦስት ጎል በታች ይገባል ወይስ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚል ውርርድ አለ እንበል፤ ሁለቱም እኩል ዕድል አላቸው፣ ሳንቲም እንደ መወርወር። ድርጅቱ ምንም ትርፍ ባይፈልግ ለሁለቱም 2.00 ኦድ ይሰጥ ነበር፤ 100 መድበህ ስትበላ 200 ታገኛለህ፣ ስትበላ ደግሞ ዜሮ፤ በአማካይ ያው 100። እውነተኛው ገጽ ላይ ግን የምታየው 2.00 አይደለም፤ ለሁለቱም 1.85 አካባቢ ነው። 100 ጊዜ 100 ብር ብትመድብ፣ 50 ጊዜ አሸንፈህ 185 ብር ስታገኝ ድምሩ 9,250 ብር ነው። የመደብከው 10,000 ነበር። 750 ብሩ የድርጅቱ ነው። ከየ100 ብሩ 7 ብር ከ50 ማለት ነው።

እስቲ ይህን ከቦነሱ ጋር እናስተያየው። ስጦታው 500 ብር ነው። ስጦታውን ለማውጣት የግድ መመደብ ያለብህ 10,000 ብር በአማካይ 750 ብር ያስቀርብሃል። በ1,000 ብር ጀምረህ 250 ብር ይዘህ ትወጣለህ ማለት ነው። ከራስህ 500 ብር ግማሹ የለም። ቦነሱን ባትቀበል ኖሮ የራስህ 500 ብር በእጅህ ነበር።

ይህ እንግዲህ በነጠላ ትኬት ነው። የልጁ ደንብ ግን ነጠላ ትኬት አይቆጥርም፤ ሦስት ጨዋታ ካልያዘ ዞረ አይባልም። ለምን? ሦስቱ ሲጣመሩ የድርጅቱ ድርሻም አብሮ ስለሚባዛ ነው። እኩል ዕድል ያላቸውን ሦስት ጨዋታዎች በ1.85 ብትደረድር አጠቃላይ ኦዱ 6.33 ይሆናል። ዓይን ይስባል፤ 100 ብር 633 ብር ሲሆን ማን ይጠላል? ነገር ግን ሦስቱም አንድ ላይ የሚሳኩት ከስምንት አንድ ጊዜ ነው። ከስምንት ትኬት አንዱ 633 ሲያመጣ የመደብከው 800 ነው። በ100 ትኬት ስታሰላው 10,000 መድበህ በአማካይ 7,900 ብር ገደማ ትመልሳለህ፤ 2,100 ብር ገደማ ትከስራለህ።

አሁን ቆም በሉ። ልጁ የጀመረው በ1,000 ብር ነው። ግዴታውን ለመጨረስ ግን በአማካይ 2,100 ብር መክሰር አለበት። የሌለውን ብር እንዴት ይከስራል? አይከስርም፤ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ከየ100 ብር መደብ ወደ 21 ብር እየቀረ 1,000 ብር ማዞር የሚችለው በአማካይ 4,800 ብር ያህል ነው። ከ10,000 ግማሽ አይሞላም። ዕድለኛ የሆነ ሰው አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ያንን አልክድም። ብዙው ሰው ግን መስመሩን ሳያይ ዜሮ ላይ ይደርሳል። «ስጦታው» በስልክህ ላይ ይታያል እንጂ በእጅህ አይገባም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። እሱ መጀመሪያ ላይ ከዕድለኞቹ ወገን ነበር። በዘጠኝ ቀን 4,300 ብር አዙሮ፣ ከበላቸው ትኬቶች የተነሳ ሒሳቡ 1,640 ብር ደረሰ። ያን ዕለት ማታ ነው ለባለባጃጁ ገንዘባቸውን ልመልስ ብሎ «ገንዘብ አውጣ» የሚለውን የተጫነው። ስልኩ የመለሰለት «ቀሪ 5,700 ብር» የሚል ነው። እሱ ግን 5,700 ብር ያለበት ዕዳ መስሎት ደነገጠ። ጓደኛው ነው «ዕዳ አይደለም፤ ገና የምትመድበው ነው» ብሎ ያስረዳው።

ዘጠኝ ቀን አልፏል፤ የቀረው አምስት ቀን ነው። 5,700 በአምስት ቀን በቀን 1,140 ብር መደብ ይሆናል። በ100 ብር ትኬት ከሄደ በቀን ከ11 በላይ ትኬት ሊቆርጥ ነው፤ ባጃጁን ማን ይነዳዋል? ስለዚህ የትኬቱን መደብ ወደ 200 ብር አሳደገው። ቀነ ገደብ የሚሠራው ሥራ ይኼ ነው። ሰውየውን ያቻኩለዋል፤ የተቻኮለ ሰው ደግሞ መደቡን ያሳድጋል።

1,640 ብር በ200 ሲካፈል ስምንት ትኬት ነው። እያንዳንዱ ከስምንት አንድ ዕድል ቢኖረው ስምንቱም ተከታትለው የሚበሉበት አጋጣሚ ስንት ይመስላችኋል? ሰው ሲሰማ «ስምንት ጊዜ በተከታታይማ አይሆንም» ይላል። ሲሰላ 34 በመቶ ነው። እንዲህ ካደረጉ ሦስት ሰዎች አንዱ እንደማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ያ ሦስተኛው ሰው ሆነ። በሁለት ሌሊት ስምንት ትኬት ቆረጠ፣ ስምንቱም አለቁ፣ 40 ብር ቀረ።

«ዕድሌ ነው ጋሼ» አለኝ። ዕድልማ አለበት። ግን ወደዚያ ዕድል የገፋው ደንቡ ነው። ያለ ግዴታ 1,640 ብር በእጁ ቢሆን ኖሮ የዚያኑ ማታ ለባለባጃጁ ከፍሎ፣ 1,140 ብር ተርፎት በተኛ ነበር።

ይህንን ስነግረው ያነሳው ጥያቄ ጥሩ ነው። «እሺ፣ ቦነሱንስ ይውሰዱት። የራሴን 500 ብር ግን በዘጠነኛው ቀን ለምን አልሰጡኝም?» መልሱ ደግሞ ሌላ ቀጭን መስመር ውስጥ ነው። ትኬት ስትቆርጥ መጀመሪያ የሚነሳው ያስገባኸው ብር ነው፤ ቦነሱ የሚነካው ያንተ ካለቀ በኋላ ነው ይላል። በወረቀት ላይ የራሱ 500 ብር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተበልቶ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የተገኘው ሁሉ «የቦነስ ትርፍ» ተብሎ ተመዝግቧል። ቦነሱ ሲሰረዝ እሱም አብሮ ይሰረዛል። የየትኛው ብር ቅድሚያ ይነሳል የምትለዋ ተራ የምትመስል ደንብ፣ ሰውየው መሃል ላይ ተነስቶ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ናት።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቦነስ ሁሉ ወጥመድ አይደለም። ያው 500 ብር ቦነስ፣ ያው 10 ጊዜ ሆኖ፣ የሚዞረው ቦነሱ ብቻ ቢሆን ጠቅላላው መደብ 5,000 ብር ነው። ነጠላ ትኬት ቢፈቀድና ኦዱ እንዳልነው 1.85 ቢሆን፣ 5,000 ሲዞር በአማካይ የሚቀረው 375 ብር ነው። 500 ተቀብለህ 375 ስትከስር 125 ብር ተረፈህ ማለት ነው። ያኔ በአማካይ ስጦታው ስጦታ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው «100 በመቶ ቦነስ፣ 10 ጊዜ» ነው። አንዱ 5,000 ብር ያስመድባል፣ ሌላው 10,000። አንዱ ጥቂት ያተርፍሃል፣ ሌላው ራስህ ያመጣኸውን ይዞብህ ይሄዳል። ልዩነቱን ማስታወቂያው አይነግርህም።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ ዝም ብሎ አላለፈውም። በእንግሊዝ አገር የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ትልልቅ የቁማር ድርጅቶችን አስጠርቶ፣ ደንበኛው ያስገባው የራሱ ገንዘብ በቦነስ ግዴታ ታስሮ እንዳይቀር፣ በፈለገ ጊዜ ማውጣት እንዲችል ቃል አስገብቷቸዋል። የአገሪቱ የቁማር ኮሚሽን ደግሞ ከጥር 2026 ጀምሮ የመዞሪያው ግዴታ ከቦነሱ 10 እጥፍ እንዳይበልጥ ጣሪያ አድርጓል። ልብ በሉ፣ «የቦነሱ» ነው የሚለው። ከዚያ በፊት 50 ጊዜ አዙር የሚሉም ነበሩ። እንግሊዝ ቁማርን የከለከለች አገር አይደለችም፤ ውርርድ ቤቱ በየመንገዱ ነው። ያደረገችው ስጦታ ያልከው ነገር ስጦታ መሆን አለበት ማለት ብቻ ነው።

እኛ አገር የስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ነው። መንግሥትም ከድሉ ድርሻ አለው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ድል ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነፃ አድርጎ ነበር። ይህም ቢሆን መደቡን ያሳደገ ሰው ላይ ይደርስ ነበር። በዚያ አዋጅ ስሌት በምሳሌያችን 100 ብር የመደበው 633 ብር ቢበላ ከግብር ነፃ ነበር፤ 200 ብር የመደበው ግን 1,266 ብር ሲደርሰው ከ1,000 ስላለፈ ይቆረጥበት ነበር። ፈቃድ የሚሰጥና ግብር የሚሰበስብ መንግሥት የቦነሱን ደንብ የማየት መብትም ግዴታም አለው ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ላይ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ አይተናል። ማሸግ ለዓይን ይታያል፤ ለዜናም ይመቻል። ካቺሲ ያለው ልጅ ግን ውርርድ ቤት ሄዶ አያውቅም። ቤቱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ገንዘቡም የሚገባው በስልክ ነው። ስልክ አይታሸግም። ሊደረግ የሚችለው የሚታየው ጽሑፍ እውነቱን እንዲናገር ማስገደድ ነው።

እኔ ብጠየቅ የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ማስታወቂያው ላይ ከቦነሱ ብር አጠገብ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ጠቅላላው መደብ በብር ይጻፍ። «500 ብር ቦነስ፤ ለማውጣት 10,000 ብር መመደብ አለብህ» ይበል፤ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ደንበኛው በሚያነብበት ቋንቋ። «10 ጊዜ» የሚለውን አባዝቶ የሚያገኘው እሱ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ራሱ ያስገባው ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ቦነሱን ትቶ ልሂድ ሲል ያልተበላው ይመለስለት፤ በራሱ ብር ያሸነፈውም የራሱ ይሁን። ሦስተኛ፣ የመዞሪያው ግዴታ በቦነሱ ላይ ብቻ ይቆጠር፣ ጣሪያም ይኑረው።

«ማን አስገደደው? አንብቦ አይቀበልም ነበር?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በለቅሶው ድንኳን ያሉ አንድ ትልቅ ሰውም ነገሩን ሰምተው ይህንኑ አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ማንም እጁን ይዞ አላስጫነውም። ግን እኔም እሳቸውን ጠየቅኳቸው፦ «ገበያ ላይ አንዱ ኩንታል ጤፍ ሸጦልዎ፣ ቤት ሲደርሱ ከሥሩ ገለባ ቢያገኙ፣ ‹አገላብጠው ማየት ነበረብዎ› ቢልዎ ይቀበላሉ?» ሳቅ ብለው «መጀመሪያ ጤፉን ከነገለባው መልሼ እደፋበታለሁ» አሉ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ገዢው ማየት አለበት፤ ሻጩም ገለባውን ከሥር መደበቅ የለበትም።

ደንቡ እስኪስተካከል ግን ሒሳቡ በእጃችን ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ማስያ ይበቃል። ቦነስ ቀረበልህ? መጀመሪያ የሚዞረው ቦነሱ ብቻ ነው ወይስ ካስገባኸው ጋር ተደምሮ ነው የሚለውን ፈልግ፤ በመዞሪያው ቁጥር አባዛና ጠቅላላ መደቡን አግኝ። ቀጥሎ ያንን ድምር ለቀኑ ቁጥር አካፍል፤ በቀን ስንት ብር ልትመድብ እንደሆነ ታየዋለህ። ያ ቁጥር ከቀን ገቢህ ከበለጠ እዚያው ተወው። በመጨረሻ ነጠላ ትኬት የሚቆጠር ከሆነ ከየ100 ብሩ 7 ወይም 8 ብር፣ ሦስት ጨዋታ ግድ ከሆነ 20 ብር ገደማ እንደሚቀር አስብ። የሚቀረው ከቦነሱ ከበለጠ የተሰጠህ ነገር የለም። ኦዱ ከጨዋታ ጨዋታ ስለሚለያይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ አይቀየርም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ገንዘብ ስታስገባ «ቦነስ አልፈልግም» የሚል ምርጫ ያላቸው አሉ። ልጁም ገጹ ላይ ነበረው፤ ትንሽ ሳጥን ናት፣ ምልክቱ አስቀድሞ «እፈልጋለሁ» ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ያን ምልክት ቢያነሳ ኖሮ 500 ብሩን አስገብቶ፣ ተጫውቶም ሆነ ሳይጫወት የቀረውን ማውጣት ይቻለው ነበር።

ማታ ላይ ይህን ሁሉ በአሮጌ ደብተር ጀርባ ጽፌ ሰጠሁት። 1,000 × 10 የሚለው ላይ ጣቱን አድርጎ ብዙ ቆየ። «ይህንን በመጀመሪያው ቀን ባየው ኖሮ…» አለና ሳይጨርስ ተወው። አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ትዝ አለኝ፤ ለልጁ ግን አላልኩትም። ለባለባጃጁ ምን እንደሚላቸው ነበር የጨነቀው። ጎረቤታቸው ናቸው። በነጋታው እውነቱን ነገራቸው፤ እሳቸውም ተቆጥተው፣ በየቀኑ 50 ብር እየጨመረ በአሥር ቀን እንዲመልስ ፈቀዱለት።

በአሥር ቀን 500 ብር። ይኼኛው ሒሳብ ለማንም ግልጽ ነው፤ ቀጭን መስመር የለበትም። ቦነሱም እንዲህ ይጻፍ ነው የምለው።

ቸር እንሰንብት።